ፊደሉ አንድ፣ ንባቡ ሌላ፦ የአማርኛ መልእክት ለትግርኛ አንባቢ

አንድ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ለወላጆች እንዲህ የሚል አጭር መልእክት ይልካል እንበል፦ «ውድ ወላጆች፣ ሐሙስ የካቲት 19 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤታችን ስብሰባ ስላለ እንድትመጡ በትሕትና እንጠይቃለን።» ከወላጆቹ መካከል ትግርኛ ብቻ የሚያነቡ አሉ። ፊደሉ የጋራ ስለሆነ ብዙ ሰው ሥራው ጥቂት ቃላት መቀየር ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን በጣም የምጠነቀቀው እዚሁ ላይ ነው፤ በላቲን ወይም በዐረብ ፊደል የተጻፈ ባዕድ ጽሑፍ እንዳልገባን ወዲያው እናውቃለን፣ በምናውቀው ፊደል የተጻፈውን ግን ሳይገባን የገባን ይመስለናል።

ጸሐፊው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር «ሐሙስ» በምትለው ቃል ውስጥ አለ። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ሓ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓም እንዲሁ። ስለዚህ የትኛውንም ብንጽፍ አንባቢው አይደናገርም። በትግርኛ ግን «ሐ» ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ከ«ሀ» የተለየ ድምፅ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ፊደል «ለ» እና «መ» በሚነበቡበት በግዕዝ ድምፅ ሲነበብ፣ አራተኛው «ላ» እና «ማ» በሚነበቡበት ይነበባል። ስለዚህ ቀኑ በትግርኛ «ሓሙስ» ተብሎ ይጻፋል። «አዲስ አበባ»ም «ኣዲስ ኣበባ» ይሆናል። ይህን የአጻጻፍ ልማድ ኤርትራውያን አጥብቀው ይከተሉታል፤ በትግራይ ጽሑፎች ግን በ«ኣ» ቦታ «አ»ም ይታያል።

ቃላቱ ሲቀየሩ መልእክቱ እንዲህ ይሆናል፦ «ክቡራት ወለዲ፣ ሓሙስ ለካቲት 19 ንግሆ ሰዓት 3 ኣብ ቤት ትምህርትና ኣኼባ ስለ ዘሎ ክትመጹ ብትሕትና ንሓትት።» «ስብሰባ» «ኣኼባ» ሆኗል፤ ይህን ከአማርኛው ተነስቶ መገመት አይቻልም። መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላት ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። «ሎሚ» ለትግርኛ ተናጋሪ «ዛሬ» ማለት ነው፤ «ገዛ» ደግሞ ቤት ነው።

«ክትመጹ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያስጠይቃል። አንደኛው አንባቢው የት አገር ማንበብ እንደተማረ ነው። በኤርትራ «ጸ» ይጻፋል፤ በትግራይ «ፀ» ስለሚዘወተር ቃሉ «ክትመፁ» ይሆናል። ድምፁ አንድ ስለሆነ ሁለቱም ይነበባሉ፤ ሆኖም አንባቢው ጽሑፉ ለእሱ ተብሎ እንደተጻፈ ወይም እንዳልተጻፈ ከዚያች ፊደል ይለያል። ሁለተኛው ጾታ ነው። በአማርኛ «እንድትመጡ» ለወንዶችም ለሴቶችም ያገለግላል። ትግርኛ ግን በብዙ ቁጥርም ጾታ ይለያል። ስብሰባው የእናቶች ብቻ ከሆነ «ክቡራት ኣዴታት» ብሎ ጀምሮ «ክትመጻ» ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «እርስዎ» የምንላትን አንዲት እናት ለማክበርም «ንስኽን» የሚለው የሴቶች ብዙ ቁጥር ይገባል፤ አንድን አባት ለማክበር ግን «ንስኹም» ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ጉዳት የሚያመጣው ግን ማንም የማይጠረጥረው «ለካቲት 19» ነው። በትግራይ ዘመን የሚቆጠረው እንደ ሌላው ኢትዮጵያ ስለሆነ ችግር የለም፤ ለካቲት ማለት የካቲት ነው። ኤርትራ ግን የምትጠቀመው የግሪጎርያን አቆጣጠር ሲሆን ወሮቹን የምትጠራው በእነዚሁ በለመድናቸው ስሞች ነው። የነፃነት በዓሏ «24 ግንቦት» የሚባለው በእኛ ግንቦት 16 የሚውለው ቀን ነው። ስለዚህ በቅርቡ ከአስመራ የመጣ ወላጅ «ለካቲት 19»ን ሲያነብ የሚያስበው ፌብሩዋሪ 19ን ነው። የ2018 ዓ.ም. የካቲት 19 ግን ፌብሩዋሪ 26 ነው። ልዩነቱ ልክ ሰባት ቀን በመሆኑ ሁለቱም ሐሙስ ላይ ይውላሉ! ስለዚህ የሳምንቱን ቀን መጨመሩ ስሕተቱን አያጋልጥም፤ ወላጁ ሳምንት ቀድሞ መጥቶ ባዶ አዳራሽ ያገኛል። መፍትሔው ሁለቱንም ቀን ከነዓመተ ምሕረታቸው መጻፍ ነው፦ «ሓሙስ ለካቲት 19 ቀን 2018 ብኣቆጻጽራ ግእዝ፣ 26 ለካቲት 2026 ብኣቆጻጽራ ፈረንጂ።»

ትግርኛ የማይችል ላኪም ቢሆን የተሰጠውን ትርጉም በጥቂቱ መፈተሽ ይችላል። ትግርኛ «ቐ»ን እና «ኸ»ን ይጠቀማል፤ «ጽቡቕ» እና «ንስኹም» በሚሉት ውስጥ ይታያሉ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ውስጥ አንዳቸውም ከሌሉ፣ «ነው» በ«እዩ» ፈንታ ከተገኘ፣ ያ ጽሑፍ ቃሉ ብቻ እዚህም እዚያም የተነካካ አማርኛ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ የሚያልፈውን መለየት የሚችለው የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ ሰው ነው፤ እሱም ሲያነብ አማርኛው በእጁ ባይኖር ይሻላል። ካነበበ በኋላ «ስብሰባው መቼ፣ የት፣ ለማን ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ቀኑን ሲመልስም በየትኛው አቆጣጠር እንደተረዳው መጠየቅ አይዘንጋ።