ሚሊ ግራም ታዞ ሚሊ ሊትር ሲቀዳ

በሕፃናት ክፍል ውስጥ 3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላና 30 ኪሎ የሚመዝን የአሥር ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ሊታከሙ ይችላሉ። አንዱ የሌላውን አሥር እጥፍ ይመዝናል። ስለዚህ የሐኪሙ ትእዛዝ «ይህን ያህል ሚሊ ግራም በኪሎ» ተብሎ ይጻፋል። ነርሷ የምትይዘው ሲሪንጅ ላይ ግን ሚሊ ግራም የሚባል ምልክት የለም፤ ያለው ሚሊ ሊትር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው አምፑሉ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የመድኃኒቱ ጥንካሬ ነው። ተማሪዎች ሲሰናከሉ የማየው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን እዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

አንዲት የዘጠኝ ወር ሕፃን በከባድ የሳምባ ምች ተኝታለች እንበል። ክብደቷ 8 ኪሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሆስፒታሎች ባዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና የኪስ መመሪያ ላይ ለዚህ ሕመም አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን አብረው ይታዘዛሉ። በጄንታማይሲን እንጀምር። ትእዛዙ 7.5 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው።

7.5 × 8 = 60 ሚሊ ግራም።

እጃችን ላይ ያለው አምፑል 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር የሚል ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ስሌቱ አለቀ፤ ሥራው ግን አላለቀም። አሁን ከሲሪንጁ ወደ ሕፃኗ ወደ ኋላ እንመለስ፦ 1.5 ሚሊ ሊትር በ40 ሲባዛ 60 ሚሊ ግራም፣ 60 ለ8 ኪሎ ሲካፈል 7.5። ትእዛዙ ላይ ያለው ቁጥር ተመልሶ መጣ። ያንኑ ስሌት ከላይ ወደ ታች ደግሞ መሥራት የመጀመሪያውን ስሕተት ሊደግም ይችላል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ መሄድ ግን ስሕተቱ ከተደበቀበት ያወጣዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የአምፑሉ ቁጥር ይታያል። 60 ሚሊ ግራም ከ80 ያንሳል፤ አንድ አምፑል ሳያልቅ ይበቃል፣ ትክክል ይመስላል። አንድ ተማሪ የ7.5ን ነጥብ ሳያይ 75 ብሎ ቢያነብ 600 ሚሊ ግራም ይደርሳል፤ ይህም 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሰባት አምፑል ተኩል ነው። ለ8 ኪሎ ሕፃን ሰባት አምፑል የምትሰብር እጅ ሦስተኛው ላይ ሳትደርስ መቆም አለባት።

አስቸጋሪው ግን ቁጥሩ ምንም ሳያስደነግጥ ሲቀር ነው። ጄንታማይሲን 20 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር በሆነ አምፑልም ይመጣል። በመጠን የሚመሳሰሉ ሁለት አምፑሎች፣ አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ የሚበረታ። አሁን ሌላ ሕፃን እናምጣ፦ የሦስት ቀን ጨቅላ፣ 3 ኪሎ፣ ትእዛዙ 5 ሚሊ ግራም በኪሎ። የሚሰጠው 15 ሚሊ ግራም ነው። ከደካማው አምፑል ሲቀዳ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስላለ፣ 1.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የ8 ኪሎዋም ሕፃን 1.5፣ የ3 ኪሎውም ጨቅላ 1.5! ያ 1.5 ሚሊ ሊትር በስሕተት ከብርቱው አምፑል ቢቀዳ ጨቅላው 60 ሚሊ ግራም፣ የታዘዘለትን አራት እጥፍ ይወስዳል። ጄንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ይጎዳል፤ የጆሮው ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ከብርቱው አምፑል ቢሆን ለጨቅላው ትክክለኛው 0.375 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ይህም በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ካልሆነ በትክክል አይለካም። «1.5 ስጪው» የሚል ቃል ጥንካሬው አብሮ ካልተነገረ ምንም አልተናገረም።

ወደ ሕፃኗ እንመለስ። አምፒሲሊን 50 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ6 ሰዓቱ ታዟል፤ 50 × 8 = 400 ሚሊ ግራም። ቫያሉ 500 ሚሊ ግራም ዱቄት የያዘ ነው። በዚያው የኪስ መመሪያ መሠረት 2.1 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውሃ ሲገባበት ጠቅላላው 2.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛልና። ስለዚህ በአንድ ሚሊ ሊትር 200 ሚሊ ግራም አለ፣ ለሕፃኗም 2 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ዱቄቱን የረሳ ተማሪ 500ን ለ2.1 አካፍሎ 1.68 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ሕፃኗ 336 ሚሊ ግራም ብቻ ታገኛለች። ይህ ስሕተት ማንንም አያስደነግጥም፤ ሕመሙ ግን ከሚገባው ያነሰ መድኃኒት ይገጥመዋል። የሚገባው የውሃ መጠን እንደ አምራቹ ሊለያይ ስለሚችል ከማሸጊያው ላይ ይነበባል እንጂ በቃል አይያዝም።

ያው የአምፒሲሊን ትእዛዝ በሌላ መልክም ይጻፋል፦ 200 ሚሊ ግራም በኪሎ በቀን፣ ለአራት ተከፍሎ። «በቀን» የሚለውን ቃል የዘለለ ሰው 200ን በ8 አባዝቶ 1600 ሚሊ ግራም ባንድ ጊዜ ሊሰጥ ይነሣል። እዚህም ቫያሉ ይናገራል፤ ከሦስት በላይ ያስፈልጋል። መልመጃ ስትሠሩ ከማባዛታችሁ በፊት «በቀን» ወይም «በአንድ ጊዜ» የሚለውን አስምሩበት።

ስሌቱ ሁሉ የቆመው ክብደቱ ላይ ነው። አንዳንድ ሚዛን በኪሎም በፓውንድም ያነብባል። 8 ኪሎ በፓውንድ 17.6 ገደማ ነው፤ ያ ቁጥር እንደ ኪሎ ከተመዘገበ የሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ ከእጥፍ ያልፋል፣ ስሌቱም ወደ ፊትም ወደ ኋላም ልክ ይሆናል። የሚያጋልጠው የልጁ ዕድሜ ብቻ ነው። ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው ሲወለድ የነበረውን ክብደት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የዘጠኝ ወር ሕፃን 17.6 ኪሎ ተብሎ ከተጻፈ ዳግም ትመዘን።

አጻጻፉም ጥንቃቄ ይሻል። 5 ሲሆን 5.0 አይጻፍም፣ ነጥቡ ከደበዘዘ 50 ይነበባልና፤ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ዜሮው ይቀድማል፣ 0.5።

ለሁለተኛ ሰው ማሳየት ጥሩ ልማድ ነው፣ አጠያየቁ ከተበላሸ ግን ጥቅም የለውም። «ሲስተር፣ 1.5 ነው አይደል?» ሲባሉ፣ በሥራ የተወጠሩት ሲስተር «አዎ» ማለታቸው አይቀርም። «ሲስተር፣ ልጅቷ 8 ኪሎ ናት፣ ጄንታማይሲን 7.5 በኪሎ ታዟል፣ አምፑሉ ይኸው፤ እርስዎ ሲያሰሉት ስንት ይመጣል?» ሲባሉ ግን ራሳቸው ያሰላሉ። መልሱን ያልሰማ ሰው ብቻ ነው ስሕተቱን የሚያገኘው።

አንድ የመጨረሻ መልመጃ። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ ጄንታማይሲን 7.5 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ አምፑሉ 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር። 90 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 2.25 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ከአንድ አምፑል በለጠ! እዚህ ላይ መቆም ይገባል፤ መቆም ግን ተሳስቻለሁ ማለት አይደለም። ወደ ኋላ ሲሰላ 2.25 በ40 ሲባዛ 90፣ ለ12 ሲካፈል 7.5። ክብደቱ ከዕድሜው ጋር ይስማማል፣ ሁለተኛዋም ነርስ ለብቻዋ አስልታ 2.25 ብላለች። እንግዲህ ሁለተኛው አምፑል ይከፈታል፣ ከእሱ ሩብ ሚሊ ሊትር ብቻ ይቀዳል፣ የተረፈው ይወገዳል።