ስለ ውሻ ጕልበት ጅማት መበጠስ

ውሻ የኋላ እግሩን አንሥቶ በሦስት እግሩ ቢያነክስ፥ ብዙ ጊዜ እሾኽ ወጋው ብለን መዳፉን እንፈትሻለን። በመዳፉ ምንም ካልተገኘ ግን ጕልበቱን ማስመርመር ይገባናል። በጕልበት ውስጥ ቅልጥሙ ከጭኑ አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጅማት አለ፤ ይህም በውሻ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ሲላላ ቈይቶ የሚበጠስ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ውሻውን በጐኑ አስተኝቶ፥ በአንድ እጁ የጭኑን አጥንት አጽንቶ ይይዛል፤ በሌላው የቅልጥሙን ራስ ወደ ፊት ይገፋል። አጥንቱ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ፊት ከወጣ ጅማቱ ተበጥሷል፤ ስለዚህ የመሳቢያ ምልክት ተባለ። ዳሩ ግን ውሻው ፈርቶ ጡንቻውን ቢያጠነክር፥ ወይም ጅማቱ በከፊል ብቻ ቢበጠስ ምልክቱ ይሰወራልና፥ ሐኪሙ የሚያፈዝ መድኃኒት ሰጥቶ ደግሞ ይመረምራል።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው፥ በቀዶ ጥገና ወይስ በዕረፍት ይዳን የሚለው ነው። ቫሱር የተባለ ሐኪም በ1984 በፈረንጅ ቍጥር ባሳተመው ጥናት፥ ሳይቀደዱ ከታከሙት ውሾች ከ15 ኪሎ ያልበለጡት ከመቶ 86 ያህሉ ተሻላቸው፤ ከዚያ የከበዱት ግን ከመቶ 19 ያህሉ ብቻ። እንግዲህ 8 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ያለው ሰው፥ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በጠባብ ስፍራ ያቈየው፤ ለመጸዳዳት ብቻ በማሰሪያ ያውጣው፤ ወፍራም ከሆነም ምግቡን ይቀንስለት። 35 ኪሎ ለሚመዝነው ግን ቀዶ ጥገናውን እንመርጣለን፤ በዚህም ሐኪሙ የቅልጥሙን ራስ ቈርጦ ካዞረ በኋላ በብረት ያጸናዋል። ቢቀደድም የሳምንታት ዕረፍት አይቀርለትም። ሁለተኛውም ጕልበት ብዙ ጊዜ ይከተላልና፥ ውሻው ከዳነ በኋላ እንዳይወፍር እንጠብቀው።