ምላጭ ጸጉር ያወፍራል?

የእህቴ ልጅ 15 ዓመት እንደሞላው የአባቱን ምላጭ ደብቆ ወሰደና ከአፍንጫው ሥር ያለችውን ለስላሳ ጸጉር ላጫት። «ጺሜ ቶሎ እንዲወጣ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዞ አስዳሰሰኝ፤ እውነትም ይቆረቁራል። «አየሽ፣ ወፈረ!»

መቆርቆርና መወፈር ግን ለየቅል ናቸው። ስንዴ በታጨደበት ማሳ ላይ በባዶ እግር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት በነፋስ ሲወዛወዝ የነበረው አገዳ ዛሬ እግር ይወጋል። ማጭዱ አላወፈረውም፤ አሳጠረው እንጂ። አጭር ነገር አይተጣጠፍም። ጸጉርም እንዲሁ ነው፤ ያልተነካ ጸጉር ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ሲሆን፣ ምላጭ ወፍራሙ ቦታ ላይ ይቆርጠውና ጫፉን ደልዳላ ያደርገዋል። ፀሐይና ሳሙና ስላልነኩትም ጠቆር ብሎ ይታያል።

ደግሞስ ምላጩ ለሥሩ እንዴት ብሎ ይነግረዋል? ከቆዳ በላይ የምናየው ጸጉር ሕይወት የለውም፤ ለዚህም ነው ሲቆረጥ የማያመን። ውፍረቱም ፍጥነቱም የሚወሰነው ከቆዳ ሥር ባለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ምላጭ እዚያ አይደርስም። የራስ ጸጉር ተቆረጠም አልተቆረጠም በወር ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ጫፉን መከርከም የተሰነጠቀውን ያስወግዳል፣ በዚህም ጸጉሩ ሳይሰባበር ይረዝማል፤ ሥሩን ግን አያፈጥነውም።

በጣም የምወደው ሙከራ በ1970 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። አምስት ወጣት ወንዶች ለወራት አንድ እግራቸውን በየሳምንቱ ተላጩ፣ ሌላውን ሳይነኩ ተዉት። አንድ ሰው፣ አንድ ደም፣ አንድ ምግብ፤ ልዩነቱ ምላጭ ብቻ! በመጨረሻ የጸጉሩ ክብደት፣ ውፍረትና የእድገት ፍጥነት ሲለካ በሁለቱ እግሮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት የሰውነት አካል ተመራማሪም በ1928 እ.ኤ.አ. የወንዶችን ጺም አጥንታ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደርሳ ነበር።

ታዲያ እምነቱ ለምን አልጠፋም? የአጋጣሚ ነገር ነው። ልጁ መላጨት የሚጀምረው ሆርሞን ጺሙን በሚያወፍርበት ዕድሜ ነው፤ ባይላጭም ይወፍርለት ነበር። ሕፃንን ላጭተን ቁንጮ ስንተውለትም ያው ነው፤ የመጀመሪያው ስስ ጸጉር በራሱ ጊዜ ረግፎ ጠንከር ያለው ይተካዋል፣ ምስጋናውን ምላጩ ይወስዳል።

ምላጩን ጥፋተኛ ማድረግ ግን አንዳንዴ ያዘናጋል። አንዲት ሴት አገጯ ላይ በእርግጥ ወፍራም ጸጉር እየበዛባት፣ የወር አበባዋም እየተዛባ ከሆነ፣ «በመላጨቴ ነው» ብላ አትለፈው። የሆርሞን መዛባት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ታማክር።