ቀዩ ቦታ ምን ይናገራል?

የድረ ገጽ የሙቀት ካርታ ጎብኚዎች አዘውትረው የነኩትን ቦታ በቀይ፣ ብዙም ያልነኩትን በሰማያዊ ያሳያል። ቀይ ያየ የገጹ ባለቤት ግን ለመደሰት ባይቸኩል ይሻላል። ጫማ የሚሸጥ ገጽ እንውሰድ፤ የጫማው ፎቶ ፍም መስሏል፣ ከታች ያለው «ይግዙ» የሚለው ቁልፍ ግን ሰማያዊ ነው። ፎቶው ሊንክ ከሌለው ሰዎቹ የሚተልቅላቸው መስሏቸው በከንቱ እየነኩት ነው። አንዱ ሰው ደጋግሞ ነክቶትም ሊሆን ስለሚችል፣ የጠቅታውን ብዛት ከጎብኚዎቹ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ቀጥሎ ሰዎች ገጹን እስከ የት እንደወረዱ የሚያሳየው ካርታ ይታያል። ከ100 ጎብኚዎች ቁልፉ ጋ የደረሱት 30 ብቻ ከሆኑ፣ ቀለሙን ከመቀየር በፊት ቁልፉን ወደ ላይ ማውጣት ይቀድማል። የስልኩና የኮምፒውተሩ ካርታ ደግሞ ለየብቻ ይነበብ፤ በስልክ ገጹ ስለሚረዝም ቁልፉ ይበልጥ ወደ ታች ይርቃል።