የአስርዮሽ ደቂቃን ወደ ደቂቃና ሰከንድ የመለወጥ ስሌት ለሩጫ ልምምድና ውድድር

ይህ ማብራሪያ በመካነ ሰላም ከተማና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ለጎዳና ላይ ሩጫ ለሚዘጋጁ ወጣቶች፣ ለአሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን የቀረበ ነው። ዓላማው የሩጫን ሰዓት በእጅ ወይም በስልክ ካልኩሌተር ሲያሰሉ በተደጋጋሚ የሚያጋጥምን አንድ ስህተት ማስቀረት ነው። ስህተቱም 6.4 ደቂቃን እንደ 6 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አድርጎ ማንበብ ነው።

ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ካልኩሌተር የሚሠራው በአስርዮሽ ነው፤ አንዱን ሙሉ ለአሥር ይከፍላል። አንድ ደቂቃ ግን የሚከፈለው ለ60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ ያለው 4 የደቂቃ አራት አሥረኛ እንጂ 4 ወይም 40 ሰከንድ አይደለም። የአንድ ደቂቃ አንድ አሥረኛ 6 ሰከንድ በመሆኑ፣ አራት አሥረኛው 24 ሰከንድ ይሆናል።

አሠራሩ በምሳሌ

አንዲት ሯጭ 10 ኪሎ ሜትርን በ64 ደቂቃ ለመጨረስ ታቅዳለች እንበል። ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያስፈልጋትን ጊዜ ለማግኘት የሚከተለው ይፈጸማል።

1. ጠቅላላው ደቂቃ ለርቀቱ ይካፈላል፦ 64 ÷ 10 = 6.4።
2. ከነጥቡ በፊት ያለው ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም 6 ደቂቃ፣ እንዳለ ይያዛል።
3. ከነጥቡ በኋላ ያለው ክፍል ብቻ በ60 ይባዛል፦ 0.4 × 60 = 24።
4. ውጤቱ 6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይሆናል፤ ሲጻፍም 6:24 ይባላል።

ሯጯ ይህን 6:40 ብላ ብታነብ በየኪሎ ሜትሩ 16 ሰከንድ ትዘገያለች። በ10 ኪሎ ሜትር መዘግየቱ 160 ሰከንድ ስለሚደርስ፣ ያቀደችውን ጠብቃ እንደሮጠች እያመነች በ66:40 ትጨርሳለች። 6:04 ብላ ብታነብ ደግሞ ከአቅሟ በላይ ፈጥና በመነሳት መንገድ ላይ ልትደክም ትችላለች።

ረጅም አስርዮሽ ሲያጋጥም

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ይህ 135 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ለማካፈል መጀመሪያ ሰከንዱ ወደ አስርዮሽ ይለወጣል፤ 16 ÷ 60 = 0.267 ስለሆነ ጠቅላላው 135.267 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ለ42.195 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 3.2058 ይገኛል። ከነጥቡ በኋላ ያለው በ60 ሲባዛ 12.3 ስለሚሰጥ፣ አበበ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ ሮጧል።

ቁጥሩ 3.20 ተብሎ ሲቆረጥ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ስለሚመስል በተለይ ያሳስታል። በ3:20 የሚሮጥ ሰው ማራቶንን የሚጨርሰው በ2:20:39 ነው፤ ይህም ከአበበ ሰዓት በ5 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይዘገያል። በተጨማሪም አስርዮሹን አስቀድሞ መቁረጥ ራሱ ጉዳት አለው። 3.2058ን 3.2 ማድረግ በኪሎ ሜትር ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ቢመስልም በሙሉ ማራቶን ወደ 15 ሰከንድ ይጠጋል። ስለዚህ ቁጥሩን ማጠጋጋት የሚገባው ወደ ሰከንድ ከተለወጠ በኋላ ነው።

ስሌቱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ

የመጀመሪያው ማረጋገጫ ግማሽን ማሰብ ነው። 0.5 ደቂቃ 30 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ 6.4 ከ6:30 ማነስ አለበት። 6:40 ከዚያ ስለሚበልጥ ስህተት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው መልሶ ማባዛት ነው። 24 ሰከንድ በ10 ሲባዛ 240 ሰከንድ ወይም 4 ደቂቃ ይሆናል፤ 6 ደቂቃ በ10 ሲባዛ 60 ደቂቃ ነው፤ ድምሩ 64 ደቂቃ ስለሆነ ስሌቱ ትክክል ነው። በዚህ ጊዜ ካልኩሌተር ላይ 6.24 × 10 ብሎ መጻፍ አይገባም፤ የሚሰጠው 62.4 የተሳሳተ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት ባለበት መንገድ

6:24 አማካይ ነው። በአካባቢው ወጣ ገባ መንገድ ላይ ዳገቱ ከዚህ በላይ፣ ቁልቁለቱ ከዚህ በታች ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ለብቻው ከመመዘን ይልቅ የተጠራቀመውን ጊዜ መከታተል ይሻላል። ለምሳሌ በ3ኛው ኪሎ ሜትር 6.4 × 3 = 19.2 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ይህም በሩጫ ሰዓት ላይ 19:12 እንጂ 19:20 አይደለም። በ5ኛው ኪሎ ሜትር ልክ 32:00 መሆን አለበት።

በልምምድ መዝገብ ላይ የአስርዮሽ ደቂቃ በነጥብ፣ ደቂቃና ሰከንድ ደግሞ በሁለት ነጥብ (:) ቢጻፍ፣ መዝገቡን በኋላ የሚያነበው አሠልጣኝ ሁለቱን አያምታታም።