«ቡና የለም» ሲባል «ዱ» የት ይገባል?

በአማርኛ «ቡና እጠጣለሁ» ያለ ሰው «ቡና አልጠጣም» ሲል የሚለወጠው ግሱ ብቻ ነው፤ ቡናው ንቅንቅ አይልም። በፈረንሳይኛ ግን መጠኑ ያልተለየ ነገር ሲጠራ ከፊቱ አንዲት አጭር ቃል ትቀድማለች፤ «ከዚህ ነገር ጥቂት» ለማለት ነው። ከፊል አመልካች እንበላት። አሉታ ሲመጣ ይህቺው ቃል መልኳን ትቀይራለች፤ ተማሪውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መልሱን ከማየትዎ በፊት ባዶውን ቦታ በልብዎ ይሙሉ።

አንደኛ ጥያቄ፦ «ኤል ቧ … ካፌ» (ቡና ትጠጣለች)

መልሱ «ዱ» ነው፤ ሲነበብ ከንፈርን አሞጥሙጦ «ኢ» ለማለት እንደመሞከር ነው። ካፌ በፈረንሳይኛ ወንዴ ስለሆነ «ደ» እና «ለ» ተዋህደው «ዱ» ሆኑ። ሥጋ ሴቴ ነው፦ «ደ ላ ቪያንድ»። ውሃ በአናባቢ ስለሚጀምር «ደ ሎ» ይሆናል። አትክልት በብዙ ቁጥር «ዴ ሌጉም» ይባላል። ለፆታው አስተማማኝ አቋራጭ የለም፤ ከቃሉ ጋር አብሮ መሸምደድ ነው።

ሁለተኛ፦ «ኤል ነ ቧ ፓ … ካፌ» (ቡና አትጠጣም)

አሁን «ዱ» ቀርቶ «ደ» ብቻ ይሆናል። ወንዴውም ሴቴውም፣ ነጠላውም ብዙውም እዚህ እኩል ናቸው፦ «ፓ ደ ቪያንድ»፣ «ፓ ደ ሌጉም»። ቃሉ በአናባቢ ከጀመረ «ደ» ትቆረጥና ውሃ «ፓ ዶ» ይሆናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? «ፓ» መጀመሪያ «እርምጃ» የሚል ተራ ስም ነበረች። የጥንት ፈረንሳዮች አሉታን ሲያጠብቁ፣ እኛ «ቅንጣት አልቀመስኩም» እንደምንለው፣ ትንሽ ነገር ይጠሩ ነበር፤ ለመሄድ እርምጃ፣ ለመጠጣት ጠብታ፣ ለመብላት ፍርፋሪ። ውሎ አድሮ «ፓ» ሌሎቹን አሸንፋ የአሉታ ምልክት ሆነች፤ የመጠን ቃልነቷ ግን አልለቀቃትም። በፈረንሳይኛ መጠንን ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ «ደ» ነው፦ «ቦኩ ደ ካፌ» ብዙ ቡና፣ «አን ኪሎ ደ ቪያንድ» አንድ ኪሎ ሥጋ። «ፓ ደ ካፌ» ማለትም ቡናው በመጠን ሲለካ ምንም ሆነ ማለት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ነ» ብዙ ጊዜ ትዋጣለች፤ «ፓ ደ» ግን ሳትነካ ትቀራለች።

ሦስተኛ፦ «ዠ ኔም ፓ … ካፌ» (ቡና አልወድም)

«ደ» ብለው ከሆነ ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ድንጋይ ላይ ነዎት። ትክክሉ «ለ» ነው። መውደድና መጥላት ስኒ ውስጥ ያለውን ጥቂት ቡና አይመለከቱም፤ ቡና የተባለውን ሁሉ ነው። ስለዚህ አዎንታው ራሱ «ዤም ለ ካፌ» ነበር። ከፊል አመልካች ካልነበረ አሉታው የሚለውጠው የለም። ስለዚህ ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አዎንታ መልሶ ማየት ይጠቅማል፦ እዚያ «ለ» ወይም «ላ» ካለ እንዳለ ይቆያል።

አራተኛ፦ «ሰ ኔ ፓ … ካፌ» (ይህ ቡና አይደለም)

መልሱ «ዱ» ነው፤ አዎንታውም «ሴ ዱ ካፌ» ነበር። ሕጉ የፈረሰ ይመስላል፤ ግን አልፈረሰም። ስኒው ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ የተካደው ማንነቱ እንጂ መኖሩ አይደለም። ከ«ነው» ግስ ጋር ከፊል አመልካቹ የማይለወጠው ለዚህ ነው። «ቡና ሳይሆን ሻይ ነው የምጠጣው» ብሎ ለሚያነጻጽር ሰውም እንዲሁ ነው፦ «ዠ ነ ቧ ፓ ዱ ካፌ፣ ሜ ዱ ቴ»። የሚጠጣ ነገር አለና።

አምስተኛ፦ «ዠ ነ ቧ ከ … » (ውሃ ብቻ ነው የምጠጣው)

«ነ» ስላለች አሉታ ይመስላል፤ ወጥመዱም ይኸው ነው። «ነ … ከ» ሲቀናጁ «ብቻ» ማለት ነው። ሰውየው ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ «ደ ሎ» ሙሉውን ይቆያል።

የመጨረሻው፦ አስተናጋጁ ወተት ይዞ ሲመጣ አንዱ ደንበኛ «ፕሉስ ደ ሌ»፣ ሌላው «ፕሉ ደ ሌ» አለው። ለማን ይጨምር?

ለመጀመሪያው። መጨረሻ ላይ «ስ» ስትሰማ «ተጨማሪ ወተት» ነው። «ስ» ስትዋጥ ደግሞ «ከእንግዲህ ወተት አልፈልግም» ወይም «ወተት አልቋል» ይሆናል፤ በሙሉው አነጋገር «ነ … ፕሉ» የነበረ አሉታ ነው። ጽሑፍ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም የመጠን ቃል ስለሆኑ ሁለቱም «ደ» ይዘዋል። ለአስተናጋጁ የቀረለት ጆሮው ነው።