ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስንት ሊትር ውሃ?

ከፈረንሳይ ወደ እንጦጦ በሚወጡት ዳገቶች፣ በኮተቤና በካራ መንደሮችም፣ የአነስተኛ ቤት አርማታ ብዙ ጊዜ የሚቦካው እዚያው ግቢ ውስጥ በቆመች ትንሽ ሚክሰር ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል። ሲሚንቶው በከረጢቱ፣ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ተለክተዋል። ውሃው ግን ከበርሜል በባልዲ እየተቀዳ በዓይን ግምት ይደፋል። የአርማታውን ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ደግሞ ይኸው ሳይለካ የገባው ውሃ ነው።

ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ አይደለም፤ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ነው። ለዚህ ውህደት የሚያስፈልገው ውሃ ከሲሚንቶው ክብደት ሩብ ያህል ብቻ ነው። ለ50 ኪሎ ከረጢት 12 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በዚህ ብቻ ግን አርማታው በአካፋ አይገላበጥም፣ በፌሮ መሃልም አያልፍም። ስለዚህ እንዲላወስ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ያ ትርፍ ውሃ ቆይቶ ሲወጣ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው በበዛ ቁጥር አርማታው ይደክማል፤ ውሃም ወደ ፌሮው ሰርጎ ለዝገት ይዳርገዋል።

አሜሪካዊው ዳፍ አብራምስ ይህን ግንኙነት በቺካጎ በብዙ ሙከራ አጥንቶ በ1918 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በሚገባ የታመቀ አርማታ ጥንካሬው የሚከተለው የውሃውንና የሲሚንቶውን የክብደት ምጣኔ ነው። የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ለተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ እንዲህ ይላል፦ ምጣኔው 0.54 ሲሆን በ28 ቀን 30 ሜጋፓስካል ይጠበቃል፤ 0.69 ሲደርስ 20 ብቻ። ወደ ከረጢታችን ስንመልሰው 27 ሊትርና 34 ሊትር ተኩል ነው። ሰባት ሊትር ተኩል ውሃ የጥንካሬውን ሲሶ ይዞ ይሄዳል።

ሰባት ሊትር ተኩል ማንም ሳያየው ይገባል። ዝናብ የመታው አሸዋ ራሱ ውሃ ተሸክሟል። ለማወቅ አንድ ኪሎ አሸዋ መዝኖ በብረት ምጣድ ላይ ማድረቅና እንደገና መመዘን ይበቃል። 60 ግራም ከጎደለ፣ በሁለቱ ሳጥን ውስጥ ባለው 90 ኪሎ ገደማ አሸዋ 5.4 ሊትር ውሃ አለ ማለት ነው። የቡኪው ውሃ 27 ሊትር እንዲሆን ከተፈለገ ከበርሜሉ የሚጨመረው 21 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካንና ትንሽ ጭማሪ። ሠራተኛው ይህን ሳያስብ ሙሉውን 27 ካፈሰሰ 32.4 ደረሰ። ሶሌታ ላይ ያለው ልጅ «ኧረ አቅጥነው!» ብሎ ሁለት ሊትር ካስጨመረ ደግሞ 34 ሊትር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ልጁም ያለ ምክንያት አልጮኸም። አርማታ ሲወፍር ለባሬላም ለአካፋም ይከብዳል። ቫይብሬተር ከሌለ ደግሞ ፌሮ በበዛበት ጠባብ ኮለን ውስጥ አይወርድም። ቅርጹ ሲፈታ ጠጠሩ ብቻ ተገልጦ ይታያል። አምስት በመቶ አየር የቀረበት አርማታ ጥንካሬው በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ስለዚህ እጅግ የደረቀ ቡኪም መድኅን አይሆንም።

መውጫው ውሃን ከሲሚንቶ ጋር አብሮ መጨመር ነው። በ0.54 ሁለት ሊትር ውሃ ሲጨመር አራት ኪሎ የሚሆን ሲሚንቶ ይከተለዋል፤ ምጣኔው ሳይለወጥ አርማታው ይላላል። ፕላስቲሳይዘር የሚባለው ቅመም ደግሞ ያለ ውሃ ያላላል። ዋጋ ቢጠይቁም፣ ኮለን አፍርሶ ከመሥራት ይረክሳሉ።

መጠኑ መስመር መያዙን የሚያሳየው የስላምፕ ሙከራ ነው። 30 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው የቆርቆሮ ሾጣጣ በሦስት ዙር ይሞላል፣ በየዙሩ 25 ጊዜ በብረት ዘንግ ይወጋል፣ ከዚያ ቀጥ ተደርጎ ይነሳል። ለተራ ቢምና ሶሌታ ክምሩ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ ቢል ደህና ነው። ሙከራው የሚያሳየው ግን መላላቱን እንጂ ጥንካሬውን አይደለም። ጥቅሙ የመጀመሪያው ቡኪ በልክ ከተሠራ በኋላ የቀሩት እንደሱ መሆናቸውን ማየት ነው። ሾጣጣው ከሌለ የውሃ መብዛትን ምልክት ማየት ይቻላል፦ ጠጠሩ ተለይቶ ይሰምጣል፣ ላዩ ላይ ንጹሕ ውሃ ይተኛል፣ በቅርጹ ስንጥቅ የሲሚንቶ ውሃ ይንጠባጠባል። ሲደርቅም ላዩ በእጅ ሲታሽ እንደ ዱቄት ይነሳል።

ካረፈ በኋላ ግን ሕጉ ይገለበጣል። የእንጦጦ የበጋ ነፋስና ፀሐይ ላዩን ቶሎ ያደርቁታል፤ ውህደቱም ውሃ ሲያጣ ይቆማል። ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ከሆነም ከዚያ በላይ፣ እርጥብ ማዳበሪያ ከረጢት ማልበስና ማጠጣት ያስፈልጋል። ወረፋ ተጠብቆ በበርሜል የተጠራቀመው ውሃ በሚክሰሩ ከሚያልቅ፣ ለእነዚህ ቀናት ቢተርፍ ይሻላል።